ለአጭበርባሪ ገንዘብ ከላኩ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ገደማ የባለቤቴ ወንድም በቴሌግራም «ቸግሮኛል፣ 38,000 ብር ላኪልኝ፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። የሰጠኝ የሒሳብ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ነበር፤ ብጠይቀው «የጓደኛዬ ነው» አለኝ። ከሞባይል ባንኪንጌ ላክሁለት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በስልክ ስደውልለት ቴሌግራሙ ተሰርቆ እንደነበር ነገረኝ። እሑድ ባንክ ዝግ ነው ብዬ ጠበቅሁና ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፍ ስሄድ ብሩ ወጥቷል ተባልሁ። ያን ማታ ምን ማድረግ ነበረብኝ? አሁንስ የቀረ መንገድ አለ?

መልስ፦ ቅርንጫፍ ቢዘጋም ባንክ አይዘጋም። የሞባይል ባንኪንግ ሌሊትም በበዓልም ገንዘብ ስለሚያንቀሳቅስ የጥሪ ማዕከሉም በእነዚህ ሰዓታት ስልክ ያነሣል። ስለዚህ ለቅዳሜ ማታው ጥያቄዎ አጭሩ መልስ ወዲያውኑ መደወል ነበር የሚል ነው። ነገር ግን ደውሎ ምን ማለት እንደሚገባና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተል ካላወቁ ስልኩ ብቻውን ብዙ አይረዳም። በአንድ ባንክ የዲጂታል ክፍያ አቤቱታዎችን በሚያይ ክፍል ለዓመታት ስሠራ ያየሁትን ልንገርዎት።

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በራስዎ የይለፍ ቁጥር ያዘዙት ዝውውር አንዴ ከተፈጸመ በኋላ ባንኩ በእርስዎ ጥያቄ ብቻ ከተቀባዩ ሒሳብ ቀንሶ ሊመልስልዎት አይችልም። ያ ብር በሕግ ፊት በሌላ ደንበኛ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ የሚወጣው ባለሒሳቡ ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው። ባንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያደርግ የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ ብሩን ባለበት ማቆም። በተቀባዩ ሒሳብ ላይ ወጪ እንዳይደረግ ጊዜያዊ እገዳ ይጣላል፣ ብሩ እዚያው ይቆያል፣ የመመለሱ ነገር በኋላ በሕግ መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው ሰዓት ጥቅም ይኸው ነው። ብዙ ሰው «ገንዘቤን መልሱልኝ» እያለ ሲሟገት ደቂቃው ያልቃል። የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛም እውነቱን ነው «አንችልም» የሚለው። ጥያቄው «የተቀባዩ ሒሳብ ወጪ እንዳይደረግበት ይታገድልኝ» ሲሆን ግን መልሱ ይለያል።

ጊዜው ለምን እንዲህ ጠባብ ሆነ? ምክንያቱም እርስዎ የላኩበት ሒሳብ የአጭበርባሪው የራሱ የሚሆነው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ብር ተከፍሎት የኤቲኤም ካርዱንና ሲም ካርዱን ለሌላ ሰው የሰጠ ተማሪ ወይም የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ነው። ብሩ እዚያ እንዲያድር አይፈለግም። ከፊሉ በኤቲኤም ይወጣል፣ ከፊሉ ወደ ቴሌብር ይሻገራል፣ የቀረው ወደ ሌላ ባንክ ሒሳብ ይተላለፋል። በእያንዳንዱ ሽግግር የሚመለከተው ተቋም ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ባንክ ሁለተኛው ባንክ ውስጥ ያለውን ሒሳብ በራሱ ማገድ አይችልም። ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን አለ። ኤቲኤምም ሆነ የሞባይል ዝውውር በቀን የተወሰነ ጣሪያ ስላላቸው፣ የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ማታ የገባበት ሒሳብ ወዲያውኑ ባዶ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ «እስካሁን ወጥቶ ይሆናል» ብለው ራስዎ ፈርደው ከመደወል አይቅሩ። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተደውሎ ግማሹ የተገኘበት ጉዳይ ብዙ ነው።

ወደ ስልክ ጥሪው እንመለስ። የሚደውሉበትን ቁጥር ከኤቲኤም ካርድዎ ጀርባ ወይም ከባንኩ መተግበሪያ ላይ ይውሰዱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው፤ የላኩት በቴሌብር ከሆነ 127 ነው። በቴሌግራምና በፌስቡክ «የደንበኞች አገልግሎት» እያሉ የባንክ አርማ ለጥፈው የሚጠብቁ ገጾች አሉ። የደነገጠ ሰው ቁጥር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፤ እነሱም «ልንመልስልዎት ነው» ብለው የይለፍ ቁጥሩን ይቀበሉታል። በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ የሚዘረፈው ሰው የሚዘረፈው እንዲህ ነው።

መስመሩ ከተያዘ አይዝጉት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ እሱ በሌላ ስልክ ወደ ተቀባዩ ባንክ ይደውል። ገንዘቡ የተላከው ከባንክዎ ወደ ሌላ ባንክ ከሆነ ይህ የግድ ነው፤ ማገድ የሚችለው ተቀባዩ ባንክ ነውና። በእርግጥ እዚያ ደንበኛ ስላልሆኑ «በባንክዎ በኩል ይምጡ» ሊሉዎት ይችላሉ። ቢሆንም የሒሳብ ቁጥሩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ነግረው ጥቆማው እንዲመዘገብ ያድርጉ። የእርስዎ ባንክ በይፋ ሲጽፍላቸው ቀድሞ የደረሰ ጥቆማ መኖሩ ጉዳዩን ያፋጥነዋል።

ሠራተኛው ስልኩን ሲያነሣ ታሪኩን ከመጀመሪያው አይጀምሩ። የባለቤትዎ ወንድም ምን እንደጻፈ፣ እርስዎ ምን እንደመለሱ ለማታው ጥሪ አያስፈልግም። በእርስዎ ጉዳይ ጥሪው ይህን ይመስል ነበር፦

«በማጭበርበር ገንዘብ ተወስዶብኛል፤ የተቀባዩ ሒሳብ አሁኑኑ ወጪ እንዳይደረግበት እንዲታገድ አመለክታለሁ። ከሒሳቤ የወጣው 38,000 ብር ነው። የዝውውሩ መለያ ቁጥር ይህ ነው። የተቀባዩ የሒሳብ ቁጥርና ስም ይህ ነው። የተላከው ዛሬ ማታ 2:10 ነው፤ ደረሰኙ ላይ 20:10 ይላል። ጥያቄዬን መዝግበው የአቤቱታ ቁጥር ይስጡኝ።»

ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የዝውውሩ መለያ ቁጥር ያለው በደረሰኙ ወይም በመልእክቱ ላይ ነው፤ በንግድ ባንክ FT በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ሠራተኛው ያለ እሱ ይፈልጋል፣ በእሱ ግን ወዲያው ያገኘዋል። ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር መናገር ከንቱ ጥንቃቄ አይምሰልዎት። ደረሰኙ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ነው፤ እኛ የምንናገረው በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ነው። «ማታ 2 ሰዓት» ተብሎ የተነገረ አቤቱታ 02:00 ተብሎ ተመዝግቦ፣ በኋላ የፖሊሱ ቃልና የባንኩ መዝገብ ሳይገጣጠም ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። እሱን ለማስተካከል ብቻ ቀናት ይሄዳሉ።

«ነገ ቅርንጫፍ ይምጡ» ቢባሉ «ነገ እመጣለሁ፤ የእገዳው ጥያቄ ግን አሁን ይመዝገብልኝ፣ ወደ ኃላፊው ያስተላልፉልኝ» ይበሉ። ስልኩን ከመዝጋትዎ በፊት የሠራተኛውን ስም፣ የአቤቱታ ቁጥሩንና የደወሉበትን ደቂቃ ይጻፉ። «ብሩ አሁን የት ደረሰ?» ቢሉ አይነግሩዎትም፤ የሌላ ደንበኛ ሒሳብ ምሥጢር ነው። በዚህ አይናደዱ፣ ጊዜም አያጥፉበት። የሚያስፈልግዎት መዝገቡ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ሰው መታለሉን መናገር ያፍራል። ስለዚህ «በስህተት ለሌላ ሰው ላክሁ» ብሎ ያመለክታል፤ ቀለል የሚል ይመስለዋል። ጉዳቱ ከባድ ነው። በስህተት የተላከ ገንዘብ የሚስተናገድበት መንገድ በተቀባዩ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ለተቀባዩ ደውሎ «በስህተት የገባልዎት ብር አለ፣ ይመልሳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ለአጭበርባሪው ከዚህ የተሻለ የማስጠንቀቂያ ደወል የለም፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሒሳቡን ባዶ ያደርገዋል። ከዚያም አልፎ በማግስቱ ለፖሊስ «ተታልያለሁ» ብለው ቃል ሲሰጡ ባንኩ ዘንድ ያለው መዝገብ «ስህተት» ይላል፤ የራስዎ ሁለት ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል። የመጀመሪያው ቃልዎ «ማጭበርበር» ይሁን።

ባንኩ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ ወደ ማስረጃው ይዞራሉ፤ ይህም ያው የመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው። በቴሌግራም አንድ ሰው የተጻጻፋችሁትን በሙሉ ከእሱም ከእርስዎም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ «ሌባ፣ ደርሼብሃለሁ» ብለው ከጻፉለት በኋላ ገጹን ቢከፍቱ ባዶ ሆኖ ሊጠብቅዎት ይችላል። መጀመሪያ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች በምስል ያስቀሩ፤ የሒሳብ ቁጥሩ የተጻፈበት መልእክት፣ ሰዓቱ፣ የላኪው መለያ ስምና ስልክ ቁጥር በግልጽ ይታዩ። ምስሉን ለሌላ ሰው ስልክም ይላኩ። ለአጭበርባሪው ምንም አይመልሱ። አለመባነንዎን እያመነ በቆየ ቁጥር ብሩን ለማውጣት አይጣደፍም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ «ሌላ 20,000 ብትጨምሪልኝ» እያሉ ይቀጥላሉ።

በዚያው ጊዜ የባለቤትዎ ወንድም የራሱ ሥራ ነበረው። አጭበርባሪው በእሱ ስም ለሌሎች ዘመዶችም መጻፉ አይቀርም። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ቀድሞ የነበሩትን መሣሪያዎች በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የቴሌግራሙ ባለቤት ከነባሩ ስልኩ ማስተካከያው ውስጥ Devices የሚለውን ከፍቶ Terminate All Other Sessions ሲጫን ሌባው ይወጣል። ከዚያ Two-Step Verification በሚለው ቦታ የራሱን የይለፍ ቃል ያስገባል። አንድ ቀን ካለፈ ግን ሌባው እሱን ሊያስወጣው ይችላል።

የእርስዎ ጉዳይ በራስዎ እጅ የተላከ ገንዘብ ስለሆነ የራስዎ ሒሳብ በሌባ እጅ አልገባም። በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የነገሩ፣ ወይም «ይህን መተግበሪያ ጫን» ተብለው የጫኑ ሰዎች ሁኔታ ይለያል። እነሱ የተቀባዩን ሒሳብ ከማሳገድ በፊት የራሳቸው የሞባይል ባንኪንግ እንዲዘጋ መጠየቅ አለባቸው፤ ሌባው ገና እየወሰደ ነውና። የስልኩን ኢንተርኔት ያጥፉ፣ ጥሪውንም በሌላ ስልክ ያድርጉት።

ቀጥሎ ፖሊስ ነው። 991 ደውለው ማመልከት ይቻላል፤ ዋናው ግን አቅራቢያዎ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ቃል መስጠት ነው፤ ጣቢያ ደግሞ ሌሊትም ክፍት ነው። ባንክ በጥቆማ የሚጥለው እገዳ ጊዜያዊ ነው። የሕግ ወረቀት ካልተከተለው ይነሣል፤ ባለሒሳቡም «ለምን ታገድሁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ማታውኑ ወይም በማግስቱ ማለዳ ቃልዎን ሰጥተው ፖሊስ ለባንኩ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቁ። የሒሳቡን እንቅስቃሴ ለማየትና እገዳውን ለማጽናት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያወጣው መርማሪው ነው። አንዳንድ ጣቢያ «ይህ የግል ገንዘብ ክርክር ነው፣ በፍትሐ ብሔር ክሰሽ» ሊሉ ይሞክራሉ። አይደለም። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በኮምፒውተር ሥርዓት የተፈጸመ ማታለል ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተደንግጓል። ቁጥሮቹን ይዘው ቢሄዱ ንግግሩ ያጥራል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም በዚሁ ዘዴ እየተታለሉ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ በሐዋላ ድርጅት በኩል የተላከ ገንዘብ ገና ካልተወሰደና ሒሳብ ውስጥ ካልገባ፣ ላኪው ከከፈለ በኋላ ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ዝውውሩን የመሰረዝ መብት በሕግ አለው፤ የአገልግሎት ክፍያውም ይመለስለታል። 30 ደቂቃው ቢያልፍም ተቀባዩ ጥሬ ገንዘቡን እስካልወሰደ ድረስ መሞከሩ ይጠቅማል። እዚያ ያለ ዘመድ ተታልሎ ለእርስዎ ሲደውል «ለመሆኑ ለማን ነው የላክኸው?» እያሉ ከማውራት መጀመሪያ ወደ ሐዋላ ድርጅቱ እንዲደውል ይንገሩት።

አሁን ወደ ዛሬው ሁኔታዎ። ብሩ ከሒሳቡ ቢወጣም ባለሒሳቡ አልጠፋም። ሒሳቡ የተከፈተው በመታወቂያ፣ በፎቶግራፍና በስልክ ቁጥር ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ በአንድ ሌሊት ሰዎች የሌላቸውን ብር ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ባንኩ አብዛኛውን ገንዘብ ያስመለሰው ባለሒሳቦቹን በስማቸው እየጠራ ነበር። የእርስዎ 38,000 ብር የባንክን ያህል ጉልበት ከኋላው የለውም፤ መንገዱ ግን ያው በስም የተመዘገበ ሒሳብ ነው። «ሒሳቤን አከራየሁ እንጂ አላታለልሁም» የሚል ሰው መርማሪ ፊት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ካርዱን ለማን እንደሰጠ ይናገራል፤ ከክስ ለመዳንም ቤተሰቡ ብሩን አሟልቶ የሚመልስበት አጋጣሚ አለ። ሁልጊዜ አይሆንም። ሒሳቡ በሐሰተኛ መታወቂያ የተከፈተ ከሆነ ክሩ እዚያ ይበጠሳል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ ለባንክዎ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂው ላይ ማህተምና የተቀበሉበት ቀን ይደረግልዎት። ሰኞ በቃል የሰሙት «ወጥቷል» የሚለው መልስ መዝገብ አይደለም። በማመልከቻው ውስጥ ሒሳቡ አሁንም እንዲታገድ ይጠይቁ፤ ያው ሒሳብ ነገ የሌላ ሰው ገንዘብ ሊገባበት ይችላልና። ባንኩ ተገቢውን መልስ ካልሰጠዎት አቤቱታዎን ይህንኑ ማህተም ያለበት ቅጂ አያይዘው ወደ ብሔራዊ ባንክ መውሰድ ይችላሉ፤ የፋይናንስ አገልግሎት ተጠቃሚዎችን አቤቱታ ይመለከታል። በቀጥታ ከሄዱ ግን «መጀመሪያ ባንክዎን ጠይቀዋል ወይ?» ነው የሚባሉት።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ደረሰኙን፣ የቴሌግራሙን ንግግር ምስል በወረቀት አትመው፣ የባንኩን ማመልከቻ ቅጂና መታወቂያዎን ይያዙ። በዚህ መካከል «ገንዘብሽን እናስመልሳለን፣ የአገልግሎት 2,000 ብር ላኪ» የሚል ሰው ቢደውል ያው ቡድን ወይም መሰሉ ነው። ፖሊስም ባንክም ገንዘብ ለማስመለስ በስልክ ክፍያ አይጠይቁም።

የባለቤትዎን ወንድምም ይዘው ይሂዱ። እሱም በራሱ ስም ገጹ ስለመሰረቁ ቃል ይስጥ፣ ያን ማታ በስሙ የተጻፈላቸውንም ዘመዶች ይጠይቅ። ወደዚያው የሒሳብ ቁጥር የላከ አንድ ሌላ ሰው ከተገኘ አቤቱታው በአንድ መዝገብ እንዲያያዝ መርማሪውን ይጠይቁ፤ በአንድ ሒሳብ ላይ ሁለትና ሦስት ተጎጂ የቀረበበት መዝገብ ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአንድ ሰው አቤቱታ በጣም ይፈጥናል።